ማንም እንዳያየው

አዳማ ውስጥ ፎቶ ቤት ከፍቶ መስኮቱ ላይ ፎቶ የማይሰቅል ሰው አንድ ብቻ ነው፤ አብተው ወልደአማኑኤል። ሌሎቹ ሙሽራውንም ተመራቂውንም ክርስትና የተነሣውንም ሕፃን አጉልተው መስታወቱ ላይ ይደረድራሉ። የአብተው መስኮት ላይ ያለው አቧራ የጠጣ የፕላስቲክ አበባና «ጉርድ ፎቶ በአሥር ደቂቃ» የሚል ጽሑፍ ነው። ለምን እንደሆነ ሲጠይቁት «የሰው ፊት የአደባባይ ዕቃ አይደለም» ይላል። አዲስ ሰው ሲሰማው ጨዋነት ይመስለዋል። ጨዋነት አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር፤ ፍርሃቱም አርባ ስድስት ዓመት የሞላው ነው።

በሰባ ዓመተ ምሕረት አባቱ አቶ ወልደአማኑኤል ነበሩ ባለ ፎቶ ቤቱ፣ አብተው የአሥራ ስምንት ዓመት ረዳታቸው። አንድ ቅዳሜ አራት ጓደኛሞች እየተሳሳቁ መጥተው አብረው ተነሡ። ሦስቱ ያፈሩ ይመስል ከንፈራቸውን ገጠም አድርገው ነበር። አራተኛው፣ የሁሩታው ገመቹ፣ አፉን ከፍቶ ሲስቅ ካሜራው ያዘው። የላይኛው የፊት ጥርሱ ጥግ የተሸረፈ ነው፤ የቢራ ቆርኪ በጥርሱ መክፈት ይወድ ነበርና። ሥዕሉ ስላማረ አብተው ራሱ አጉልቶ አጠበውና መስኮት ላይ ሰቀለው። ለሁለት ሳምንት መንገደኛ ሁሉ ቆም እያለ አየው።

በሦስተኛው ሳምንት የቀበሌው ካድሬ ከሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጋር ገባ። አባትየው ለዕቃ ግዢ አዲስ አበባ ሄደዋል። ካድሬው ከአራቱ አንዱን ያውቀዋል፤ የቀሩት እነማን እንደሆኑ ነው የፈለገው። አልጮኸም፣ አልመታም። ፎቶውን ከመስኮቱ አውርዶ ገለበጠና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ብዕር ከኪሱ አወጣ። አብተውም በዚያ በሚመሰገንበት የእጅ ጽሑፉ አራት ስም ጻፈ፣ ከነሰፈራቸው። እንዲያውም ጽሑፉ እንዳይበላሽ ቀለሙን እፍ እፍ ብሎ አደረቀው። አራቱም በዚያው ሳምንት ተለቀሙ፤ ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም።

ይህን ነገር ከእሱ በቀር የሚያውቅ ሰው በሕይወት የለም ብሎ ያምን ነበር። ካድሬው ሞቷል፣ አባቱ ሞተዋል። የቀረው ኔጌቲቩ ነው። በዚያች ቅዳሜ የተነሡትን ሦስት ኔጌቲቮች በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከሰም ወረቀት ጋር፣ ቆልፎ ኖረ። ማጥፋቱንም አልቻለም፣ ማውጣቱንም አልቻለም።

የገመቹ እህት ጫልቱ በየወሩ ለገበያ ወደ ከተማ ስትመጣ ጎራ ትላለች። ከሚኒባሱ ወርዳ፣ የተገዛውን ዕቃ በፌስታል አንጠልጥላ፣ በሩ ላይ ቆማ «አካም፣ አብተው? ደህና ነህ?» ትለዋለች። እሱም ወንበር ይጠርግላታል። ኔጌቲቩ እንዳለ ታውቃለች፤ ከአባቱ ነው የሰማችው። «አለ አይደል?» ትላለች። «አለ፣ እትዬ ጫልቱ። ማንም አይነካውም» ይላታል። ውሃ ጠጥታ ትሄዳለች። ይህ ሁሉ ዓመት እንዲህ ሲሄድ ሰላምታዋን ሳታውቅ እንደምትሰጠው ምሕረት ይቆጥረው ነበር።

ባለፈው ዓመት በሁሩታ መንገድ ድንጋይ የሚያወጡ ሠራተኞች አፅም አገኙ። ቆፍረው ሲጨርሱ የሠላሳ አንድ ሰው ሆነ። የቤተሰብ ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ጸሐፊዋ የሺዓለም የምትባል፣ አጎቷን የምትፈልግ፣ ፈጣንና ትዕግሥት የለሽ ሴት ናት። አፅሙ እዚሁ በአንድ መጋዘን ተቀምጦ የራስ ቅሎቹ ምስል ባሕር ማዶ ላለ ላቦራቶሪ ተላከ። ላቦራቶሪው ደግሞ ሟቾቹ በሕይወት ሳሉ ጥርሳቸውን አሳይተው የተነሡት ፎቶ ካለ ይላክልኝ አለ። በዚያ ዘመን ለፎቶ ጥርሱን የሚያሳይ ሰው ማን ነበር? ከሠላሳ አንዱ ቤተሰብ የሚስቅ ፎቶ ያለው ስድስት ብቻ ተገኘ። አንዱ ገመቹ ነው፤ ጫልቱ ስለ ኔጌቲቩ ለኮሚቴው ነግራለች።

ቀነ ገደብም ነበረው። ባለ መጋዘኑ መጋዘኑን ስለሚፈልገው ቀብሩ ግንቦት አሥራ ስምንት ይሆናል። ስሙ የተለየ በየሳጥኑ ለቤተሰቡ ይሰጣል። ስም ያላገኙት በአንድነት ጉድጓድ ገብተው በላያቸው ኮንክሪት ይሞላል።

የሺዓለም መጀመሪያ ፍላሽ ይዛ መጣች።

«ጋሽ አብተው፣ ስካን አድርገው ይገልብጡልኝ፤ የቀረውን እኔ እጨርሳለሁ።»

«በፍላሽ አይወጣም» አላት። «ፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ይሄዳል። ነገ ማን ፌስቡክ ላይ እንደሚለጥፈው አታውቂም።»

«ታዲያ እንዴት ይድረስ?»

ስካን አድርጎ ኮምፒውተሩ ላይ ከፈተላት፤ እሷም ከመጨቃጨቅ ብላ ስክሪኑን በስልኳ አንስታ ለላቦራቶሪው ባለሙያ በቴሌግራም ላከች። በማግስቱ መልስ መጣ። የስክሪኑ መስመር ፊቱን ዥጉርጉር አድርጎታል፤ ቴሌግራሙም ምስሉን አሳንሶታል፤ የጥርሱ ጠርዝ ሲጎላ ደረጃ ደረጃ ሆኖ ይታያል፤ በዚህ ምንም ማለት አይቻልም። የሚፈለገው ዋናው ስካን ነው፣ ሳይቀነስ፣ ከፎቶ ቤቱ በቀጥታ፣ በኢሜይል ለላቦራቶሪው አድራሻ። ማን እንደላከውና በማን እጅ እንዳለፈ መዝገብ ስለሚይዙ የግል ስልክ አይቀበሉም።

አብተው ይህን ሲሰማ ደስ አለው። በቀጥታ፣ ከእሱ እጅ ወደ ባለሙያው እጅ፤ መሃል ሰው የለም። ጫልቱም መጥታ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበሩ ላይ ሳትቀመጥ ቆማ ለመነችው።

«ሰባ ዓመት ሞላኝ፣ አብተው። ከእናቴ ጎን ቦታ አስቀርቼለታለሁ። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።»

«በዚህ ሳምንት ይደርሳል» አላት። በዚያ ቀን ያለውን ሁሉ ከልቡ ነበር።

ሦስቱን ኔጌቲቮች ስካነሩ በሚችለው መጠን አነሣቸው። እያንዳንዱ ከሁለት መቶ ሠላሳ ሜጋባይት በላይ ሆነ፤ ሦስቱ ሰባት መቶ ገደማ። ኢሜይል የሚሸከመው ሃያ አምስት ነው። በዚፕ ጠቅልሎ ሞከረ፤ የፊልም ነጠብጣብ የሞላበት ምስል በዚፕ ብዙም አይቀንስም፣ ስድስት መቶ ምናምን ላይ ቆመ። የሺዓለም በስልክ «አይጨነቁ፤ ከመጠን ሲያልፍ ጉግል ራሱ ወደ ድራይቭ ይሰቅለውና በደብዳቤው ውስጥ ሊንክ ያስገባል። ብቻ እኔንም ኮፒ ያድርጉኝ» አለችው። እሺ አላት።

የፎቶ ቤቱን ኢሜይል የከፈተለት ባለ ኮምፒውተሩ መሐመድሰዒድ ነው። ኮምፒውተሩን ሲሸጥለት በራሱ ስልክ ቁጥር ከፍቶለት የይለፍ ቃሉን ካርቶኑ ላይ ጻፈለት። አዳማ ውስጥ ግማሹ ሰው ኢሜይሉን የከፈተለት ዕቃ የሸጠለት ሰው ነው፤ ገብቶ የሚያየው ግን የለም። አብተውም በአራት ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ቢገባ ነው። ለራሱ የሚይዘው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ፋይሎቹን ወደ ድራይቭ መስቀል ጀመረ። ኔትወርኩ ይሄዳል ይቆማል፤ መብራት አንዴ ጠፍቶ ከዜሮ አስጀመረው። ጉርድ ሊነሡ የመጡ ሰዎችን ነገ ኑ እያለ መለሰ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሦስቱም ሰማያዊ ሊንክ ሆነው ደብዳቤው ውስጥ ተቀመጡ። የላቦራቶሪውን አድራሻ ፊደል በፊደል ጻፈ። የሺዓለምን ኮፒ አላደረገም፤ ስንት ዘመድ፣ ስንት ስልክ ያላት ሴት ናት። «ላክ» የሚለውን ተጫነ።

ደብዳቤው ግን ወዲያው አልሄደም። አንድ ጥያቄ ብቅ አለ። ተቀባዩ ፋይሎቹን የማየት ፈቃድ የለውም ይላል። ከሥሩ የቀረበው ምርጫ ሊንኩን የያዘ ማንም ሰው እንዲያይ መፍቀድ ወይም ፈቃድ ሳይሰጡ መላክ ነው።

አብተውን እንግሊዝኛው አላቃተውም። ያቃተው «ማንም ሰው» የሚለው ነው። ደጋግሞ አነበበው። መስኮቱ ታየው፤ ያ ቆሞ የሚያይ መንገደኛ ሁሉ፣ ከመንገደኛው መሃል ያ ካድሬ። አሁን ደግሞ የዓለም ሰው ሁሉ ቆሞ እንዲያይ ፍቀድ ይሉታል። ለባለሙያው የጻፍኩት ደብዳቤ ባለሙያው እጅ ከገባ ሌላ ፈቃድ ምን ያደርጋል ብሎ አሰበ። የታሸገ ፖስታ የደረሰው ሰው ፖስታውን ለመክፈት ማንን ያስፈቅዳል? እንዲህ ተከራክሮ ራሱን አሸነፈና ፈቃድ ሳይሰጥ ላከው። «ተልኳል» የሚል ጽሑፍ መጣ። ከዚያ ከኢሜይሉ ወጣ፤ ማንም እንዳይገባበት የይለፍ ቃል የተጻፈበትን ካርቶን ቀደደው፣ ኮምፒውተሩንም ዘጋ። በሕይወቱ አንድ ነገር በትክክል የሠራ መስሎት በእግሩ እያዘገመ ቤቱ ገባ።

ከሳምንት በኋላ የሺዓለም ደወለች።

«ጋሽ አብተው፣ ላቦራቶሪው የፎቶ ቤቱን ፋይል መክፈት አልቻልኩም ብሎ ለኮሚቴው ጽፏል። ፈቃድ ጠይቀናል፣ መልስ የለም ይላሉ።»

«ልኬያለሁ።»

«መላክዎን አውቃለሁ። እስቲ ገብተው ይዩት፣ የመጣ መልእክት ይኖራል።»

«ተልኳል ብሎኛል፣ በዓይኔ አይቻለሁ። መክፈት ያልቻሉት እነሱ ናቸው፤ ጥፋቱን እዚያ ፈልጊ።»

«እሺ፣ ዛሬ ከሰዓት ልምጣና አብረን እንየው።»

«ምኑን ነው የምታዪው?» ድምፁ ከፍ አለ። «ፎቶ ማንሳት የጀመርኩት አንቺ ሳትወለጂ ነው። የሰውን ኢሜይል የምትከፍቺበት ሥልጣን ማን ሰጠሽ?»

ሠላሳ ቤተሰብ በየቀኑ ይደውልላታል፤ የሳጥን፣ የቄስ፣ የድንኳን፣ የኮንክሪት ጉዳይ በእሷ ጫንቃ ላይ ነው። ይህን ሽማግሌ የምትለምንበት ጉልበት አልተረፋትም። «እንደፈለጉ» ብላ ዘጋችው። አብተው ወደ መሐመድሰዒድ ሱቅ መሄድ አሰበ፤ ሁለት መቶ እርምጃ ነው። የይለፍ ቃሉን ቀደድኩት ብሎ ለዚያ ልጅ መናገር ግን አሳፈረው። ነገ እሄዳለሁ አለ። ነገ ደግሞ ተመራቂዎች መጡበት።

ጫልቱ በግንቦት መጀመሪያ መጣች። «ደረሰ?» አለችው።

«ደርሷል።»

«መልስስ?»

«እነሱ ናቸው የሚዘገዩት፣ እትዬ። ፈረንጅ ለአንድ ነገር ስንት ወር ይወስዳል።»

ጭንቅላቷን ነቀነቀች። በሁሩታ መቃብሩን አስቆፍራ ጨርሳለች፤ ለቆፋሪዎቹም እንጀራና ወጥ አቅርባለች። ይህን ነግራው ሄደች፤ እሱም ሰምቶ በሩ ድረስ ሸኛት።

ግንቦት አሥራ ስምንት እሑድ ነበር። አሥራ ስምንት ሰው ስሙ ታውቆ፣ የሚበዛው በቀለበት፣ በቀበቶ፣ በመታወቂያ ቁራጭ፣ አምስቱ ደግሞ በፎቶ፣ በየሳጥኑ ተሰጠ። አሥራ ሦስቱ ስም አላገኙም። እነሱን በአንድ ትልቅ ሳጥን አደባልቀው ጉድጓድ አስገቧቸው። ቄስም ሼክም ፓስተርም የየድርሻቸውን ጸለዩ። ከዚያ ማደባለቂያው መጥቶ ኮንክሪቱን ሲያፈስ ጫልቱ ከገመድ ወዲያ ቆማ ታይ ነበር። አብተውም ሄዶ ከኋላ ቆሞ ነበር። የመኪናው ድምፅ ስለሚበልጥ ለቅሶው አልተሰማም።

በማግስቱ ጠዋት የሺዓለም መሐመድሰዒድን ከነስልኩ ይዛ ፎቶ ቤቱ ገባች። ፈቃድ አልጠየቀችም። «ክፈተው» አለችው ልጁን።

የይለፍ ቃል መለወጫው ኮድ መሐመድሰዒድ ስልክ ላይ መጣ፤ ስድስት ቁጥር። አንድ ደቂቃ አልፈጀም። «ጋሼ፣ ይሄን እኮ መጥተው ቢነግሩኝ...» ብሎ የአብተውን ፊት ሲያይ ተወው።

አምስት ደብዳቤ ነበር። ሦስቱ የፈቃድ ጥያቄ፣ ደረቅና አጭር። አራተኛው ከባለሙያው ራሱ ነው፤ የሺዓለም ወደ አማርኛ እየመለሰች ጮክ ብላ አነበበችው። «የራስ ቅል ቁጥር አሥራ አራት የላይኛው የግራ የፊት ጥርሱ ጥግ የተሸረፈ ነው። በስልክ በተነሣው ምስል ላይ የሚመሳሰል ነገር ያየን መስሎናል፤ ለማረጋገጥ ዋናውን ማየት አለብን። እባክዎ ፈቃዱን ይስጡን። የሚያስፈልገው አንድ ጊዜ መጫን ብቻ ነው።» አምስተኛው የተላከው ከቀብሩ አራት ቀን በፊት ነው። «አሁንም እየጠበቅን ነው» ይላል።

«ይጫኑት» አለችው።

«አሁን ምን ዋጋ አለው?»

«ይጫኑት አልኩ እኮ።»

ተጫነው። ሊንኩን የያዘ ማንም ሰው ማየት ይችላል አለ ኮምፒውተሩ። መልሱ በማግስቱ መጣ። ባለሙያው ሦስቱንም ምስል አውርዶ፣ ጠርዝ ከጠርዝ አስተያይቶ፣ ስብራቱ አንድ ነው ብሏል። ቁጥር አሥራ አራት ገመቹ ነው። ለቤተሰቡ መልካም ዜና ስለሆነ ደስ ይለናል፣ አፅሙን መረከብ ይችላሉ ይላል። ቀብሩ መፈጸሙን የነገረው ሰው አልነበረም።

የሺዓለም ደብዳቤውን አትማ ጠረጴዛው ላይ ተወችው። «ለእትዬ ጫልቱ እርስዎ ነዎት የሚነግሩት» አለች። «እኔ አልችልም። ብችልም አልነግርልዎትም።»

ጫልቱ ሐሙስ መጣች። የገበያ ቀን አልነበረም፤ ፌስታልም አልያዘችም። አብተው ወንበሩን ጠረገላት፣ ተቀመጠች። ሌሊቱን ስለ ፈረንጆቹ፣ ስለ ኔትወርኩ፣ ስለ መብራቱ የሚናገረውን ሲያዘጋጅ አድሯል፤ ፊቷን ሲያይ ግን አንዱም አልመጣለትም። ደብዳቤውን ከፊቱ አድርጎ ሁሉንም ነገራት፤ ስለ ጥያቄው፣ «ማንም ሰው» ስለሚለው፣ ስለ ካርቶኑ፣ ስለ አምስቱ ደብዳቤ። ሲጨርስ አንገቱን ደፋ።

«ቁጥሩ ስንት ነው አልክ?»

«አሥራ አራት።»

«አሥራ አራት» አለች። «ይለያሉ ከኮንክሪቱ ሥር?»

«አይለዩም፣ እትዬ። ተደባልቀዋል።»

ኔጌቲቩን አምጣ አለችው። ቆርቆሮውን አምጥቶ ከፈተላት። አንዱን ወደ መስኮቱ ብርሃን አንስታ አየችው፤ ፊቱ ነጣ ብሎ፣ ጥርሱ ጥቁር ሆኖ ይታያል። የራሷን ጥርስ በምላሷ ነካ አደረገች።

«ለምንድን ነው ማንም እንዳያየው የፈራኸው?» አለችው።

«በዚያ ጊዜ... መስኮት ላይ ስለነበረ ነው። እትዬ፣ ከዚያ ነው ያገኟቸው።»

«ከመስኮቱ አይደለም፤ ከጀርባው ነው።» ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። «ገመቹን ሲወስዱት ፎቶውን ለእናቴ አሳይተዋታል፣ ልጅሽ ይሄ ነው ብለው። እኔም ከጎኗ ነበርኩ። ገልብጠውት ስሙን አነበቡ። ያን ያማረ ጽሑፍህን እኔ የማላውቀው መሰለህ? እዚህ ለተነሣሁት ጉርድ ደረሰኝ የጻፍክልኝ አንተ ነህ።»

አብተው ወንበር ፈልጎ አጣ፤ ያለው አንድ ወንበር ነው፣ እሷ ተቀምጣበታለች።

«ያውቁ ነበር?» አለ።

«አርባ ስድስት ዓመት። በየወሩ መጥቼ ደህና ነህ ያልኩህ ደህንነትህ አሳስቦኝ መሰለህ? ይህ ነገር አንተ ጋ ስለነበረ ነው። እንዳታቃጥለው ብዬ ነው። አንድ ቀን ይጠቅማል ብዬ፣ እየሳቅኩልህ፣ ውሃህን እየጠጣሁ ጠበቅኩት።»

ኔጌቲቮቹን አንድ በአንድ ወደ ቆርቆሮው መለሰችና ክዳኑን ገጠመችው። ወደ እሱ ገፋችው።

«በል ያዘው» አለችው። «አሁን ለእኔ አይጠቅመኝም።»

ተነሥታ ወጣች። ሚኒባሱ ጥግ ላይ ለአሰላ መስመር እየጠራ ነበር፤ ሳትዞር ገባች። በሚቀጥለው ወር አልመጣችም፣ ከዚያም በኋላ አልመጣችም። አብተው ግን በገበያ ቀን ወንበሩን ይጠርጋል።